ግራውንድ ቤታችን ላይ ፎቅ ብንጨምር ኮለኑ ይችላል?

የለቡ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ለቡ ከ12 ዓመት በፊት የተሠራ ግራውንድ ቤት አለን። 8 በ8 ነው። 9 ኮለን አለው፣ በየ4 ሜትሩ፣ ሁሉም 20 በ20። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ሶሌታ የለውም። አባቴ ያኔ «ለወደፊት» ብሎ ፌሮ ከላይ አስተርፏል። ፕላኑ ጠፍቷል። አንድ ፎቅ ለመጨመር አስበናል። መሠረቱና ኮለኑ መቻላቸውን በምን እናውቃለን?

ግንበኛው
ወንድሜ፣ ፌሮ ከተተወለት ለፎቅ ታስቦ ነው የተሠራው። ባለ 12 አራት ፌሮ ካለው አይከብደውም። እኔ እንደዚህ ዓይነት ቤት ላይ ሶሌታ ሞልቻለሁ፣ እስካሁን ቆሟል። ግን ፌሮው ዝጎ ከሳሳ እንዳትቀጥልበት።

ኢንጂነሯ
ኮለኑን በተመለከተ ግንበኛው ያለው ግማሹ ልክ ነው። ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ክብደት፣ አርማታው ደህና ከሆነ፣ 20 በ20 ለአንድ ፎቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የተረፈው ፌሮ ግን ስለ ፉቲንጉ ምንም አይነግረንም። ፌሮ ማስተረፍ ርካሽ ነው፣ ገንዘብ የሚበላው ፉቲንግ ማስፋት ነው።

መሃለኛውን ኮለን እንየው፤ ትልቁን ሸክም የሚይዘው እሱ ነው። 4 በ4፣ ማለትም 16 ካሬ ወለል ይደርሰዋል። 15 ሳንቲም ሶሌታ ከነልስኑ፣ ከነሴራሚኩ፣ ከሰውና ከዕቃው ጋር በካሬ ወደ 700 ኪሎ ይመጣል። ይሄ ብቻ 11 ቶን ነው። ላይ በአራቱም አቅጣጫ የብሎኬት ግድግዳ ካረፈ ሌላ 7 ቶን። ቢሙንና አዲሱን ኮለን ስትጨምሩበት 20 ቶን ይሞላል። አሁን ያለው፣ የታችኛው ግድግዳ ከነግሬድ ቢሙና ጣሪያው፣ ወደ 11 ቶን ነው። ስለዚህ ፉቲንጉ ከ11 ወደ 31 ቶን ይዘላል።

ፉቲንጉ 1 በ1 ከሆነ አንድ ካሬ አፈር 31 ቶን ሊሸከም ነው። ደህና ቀይ አፈር 20 ቶን ይችላል ብንል እንኳ አይበቃም፣ ወደ 1.30 በ1.30 ያስፈልጋል። ጥቁር አፈር ላይ ካረፈ ይህን ሂሳብ ተዉት። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ የመሸከም አቅሙም ዝቅተኛ ነው።

ስለዚህ አስቆፍሩ። አንድ መሃለኛ፣ አንድ የጥግ፣ በበጋ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ አንዱ ተሞልቶ ሳይጠቀጠቅ ሌላው እንዳይጀመር። ከፉቲንጉ ሥር አትቦርቡሩ። መሃለኛው ጋ ሴራሚክ መፍረሱ አይቀርም። ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ ያረፈበትን አፈር እዩ። የኮለኑንም ግርጌ ልስኑን አስነሥታችሁ ስታፋው በስንት በስንት እንደታሰረ ለኩ።

ከዲሲ
የኔም ጥያቄ ይሄው ነው። ደሴ የእናቴ ቤት ጭቃ ነው፣ መሠረቱ ግን ጥሩ ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ ሶሌታ ቢሞላ ስንት ይፈጃል?

ኢንጂነሯ
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወንድሜ። የጭቃ ቤት ምሰሶ ላይ ሶሌታ አይሞላም፣ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢጠነክር። ፎቅ ከፈለጋችሁ የራሱ ፉቲንግና ኮለን ያለው አዲስ ግንባታ ነው። ገንዘብ ከመላክህ በፊት አንድ ባለሙያ ሄዶ ይየው።

የለቡ ልጅ
አስቆፍረን አየን። መሃለኛው 1.20 በ1.20 ነው፣ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠጠር ያለው ቀይ አፈር ላይ አርፏል። የጥጉ ግን 80 በ80 ነው፣ ከጎረቤት አጥር ጋር ስለተጣበቀ ኮለኑ ጫፉ ላይ ነው የቆመው። ስታፋው በየ25 ሳንቲም ነው።

ኢንጂነሯ
መሃለኛው ትንሽ ነው ያነሰው። የላይኛውን ግድግዳ ከብሎኬት ወደ አግሮስቶን ብትቀይሩት ወደ 5 ቶን ይቀንሳል፣ አፈሩ በእርግጥ 20 ከቻለ ለጥቂት ያልፋል። ያንን የአፈር ምርመራ ይንገረን፣ ዓይን አይበቃም።

እኔን ያስጨነቀኝ የጥጉ ነው። ሸክሙ ትንሽ ነው፣ በብሎኬት እንኳ 14 ቶን ቢደርስ ነው፣ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጫፍ ስለሚያርፍ ፉቲንጉን ያጋድለዋል። ስታፋውም ሳስቷል። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን አስታውሱ፤ ቤት ወደ ጎን ሲወዛወዝ የኮለኑ ጫፍና ግርጌ ነው የሚሰበረው፣ ፌሮው እንዳይታጠፍ አፍኖ የሚይዘውም ስታፋ ነው። እዚያ አካባቢ በ10 ሳንቲም ቢጠጋጋ እወዳለሁ።

ግንበኛው
እሺ፣ የጥጉን አላየሁትም ነበር። ኮለኑን ዙሪያውን 10 ሳንቲም አርማታ ከነፌሮው ብናለብሰውስ? 40 በ40 ይሆናል።

ኢንጂነሯ
ኮለኑን ያጠነክረዋል፣ ፌሮው ፉቲንጉ ውስጥ ተበስቶ ከገባ። የጥጉን ፉቲንግ ማጋደል ግን አያቆምም። ለሱ ከውስጠኛው ፉቲንግ ጋር በወፍራም ቢም ማሰር ያስፈልጋል። በአጥሩ በኩል ደግሞ 20 በ20ው ኮለን ሦስት ጎኑን ብቻ ነው የሚለበሰው።

የለቡ ልጅ
ጎረቤታችን አጥሩን ለጊዜው እንድናፈርስ ቢፈቅድልንስ?

ኢንጂነሯ
ለማልበሱ ያግዛል። ፉቲንጉን ግን ወደሱ ይዞታ ማስፋት አትችሉም። የአፈሩን ውጤት ይዘህ ና፣ ቢሙን ያኔ እናሰላዋለን።