ስንፈተ ወሲብ በወጣቶች፦ ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የፍርሃቱ?

ጠያቂው፣ ከቡሬ፦ ዕድሜዬ 26 ነው፤ ካገባሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ብቻዬን የወሲብ ፊልም ሳይ ብልቴ ይቆማል፤ ከባለቤቴ ጋር ስሆን ግን ይከዳኛል። ያበላሸኝ ፊልሙ ነው?

ከፍኖተ ሰላም፦ ምን ጥያቄ አለው! በየደቂቃው አዲስ ገላ ማየት የለመደ አእምሮ በአንዲት ሚስት እንዴት ይነሣሣል? 90 ቀን ከፊልም ራቅ፤ ትድናለህ። እኔ የዳንኩት እንዲሁ ነው።

የጤና መኮንን፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ግማሹ ልክ ነው። አንድ ዓይነት ትዕይንት ሲደጋገም ስሜት እንደሚቀዘቅዝ፣ አዲስ ሲመጣ እንደሚመለስ በሙከራ ታይቷል። ፊልም ተመልካቹም ሲቀዘቅዝበት ወዲያው ሌላ ይከፍታል። እጁም አጥብቆ መያዝን ይለምዳል፤ ያንን ግፊት ደግሞ የሴት ገላ አይሰጠውም። ነገር ግን ብዙ ማየት በራሱ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል የሚለውን ጥናቶች አጥብቀው አልደገፉትም። ይበልጥ አብሮ የሚታየው «ከቁጥጥሬ ወጥቷል» የሚለው ጭንቀት ነው። 90 ቀን የሚባለውንም ማንም በሙከራ አላረጋገጠውም። ወንድሜ፣ ጠዋት ስትነቃ ይቆማል?

ጠያቂው፦ አብዛኛውን ቀን፣ አዎ።

የጤና መኮንን፦ እንግዲያው የደም ሥርህና ነርቭህ ደኅና ሳይሆኑ አይቀሩም። «ዛሬም እንዳይከዳኝ» ስትል አድሬናሊን የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ይለቀቃል፤ እሱም ወደ ብልት የሚገባውን ደም ይቀንሳል። ፊልሙን አቁም፤ ስልኩም ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ከባለቤትህ ጋር ተስማምታችሁ ለጥቂት ሳምንታት ግንኙነት ይቅር። መጀመሪያ ጡትና ብልት ሳይነካ ጀርባ፣ ክንድ፣ እግር በየተራ ተዳሰሱ። ቀጥሎ ብልትም ይጨመር፤ ሲቆም ግን አትቸኩል። እንዲረግብ ተወው፤ ደግሞ ይመለሳል። መርገብ የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑን ገላህ የሚማረው እዚህ ላይ ነው። ግንኙነት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አሜሪካውያኑ የወሲብ ተመራማሪዎች ማስተርስና ጆንሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ይህ መንገድ ዛሬም ከሥነ ልቦና ምክር ጋር ይሠራበታል።

ከሞጣ፦ እኔ ዕድሜዬ 41 ነው፤ ፊልም የሚባል አይቼ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ ጠበል ስመላለስ ቆይቼ ስመረመር ስኳር ሆኖ ተገኘ። ምን ይበጀኛል?

የጤና መኮንን፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ስኳር ደም ሥርንም ነርቭንም ይጎዳል፤ የስኳሩን መጠን መቆጣጠር ይቀድማል። ጠበሉን ባይተዉም መድኃኒቱን አያቋርጡ። ብልት የሚያቆም ክኒን ቢያምርዎት ሐኪም ሳያማክሩ አይግዙ፤ ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔስ ታዲያ በምን ዳንኩ?

የጤና መኮንን፦ ፊልሙን ስትተው ሌላስ ምን ተውክ?

ከፍኖተ ሰላም፦ ሲጋራና አረቄ። ቢሆንም ያዳነኝ ፊልሙን መተዌ ነው፤ አልለወጥም።

ጠያቂው፦ ባለቤቴ ስለ ፊልሙ አታውቅም። ሳልነግራት ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም?

ባለትዳር ሴት፣ ከደጀን፦ ከነገርካት ትቆጣለች። ካልነገርካት ግን «አስጠልቼው ነው» ብላ ራሷን ትከሳለች፤ ምናልባት እስካሁንም ጀምራለች። ለግንኙነት እረፍት የምትጠይቃት ምክንያቱን ሳትነግራት ከሆነማ የባሰ ነው።