ዴራ ጎልድ ሱቅ ሦስት ቤት ሦስት ዋጋ ሰጠኝ፤ የትኛው ነው የሚያዋጣው?

ራሔል (ጠያቂ)፦
ታናሽ እህቴ በጥር አዲስ አበባ ታገባለች። የአንገት ሐብል ልገዛላት ዱባይ ዴራ ሦስት ወርቅ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው 22 ካራት፣ 20 ግራም፣ 8,400 ድርሃም። ሁለተኛው 21 ካራት፣ 22 ግራም፣ 8,477። ሦስተኛው 18 ካራት፣ ነጫጭ ፈርጥ ያለው፣ 24 ግራም፣ 7,660። ይሄኛው «የእጅ ዋጋ አላስከፈልኩሽም» ብሎኛል። ሁሉም 5 በመቶውን ታክስ ጨምረው ነው የነገሩኝ። የዕለቱ የወርቅ ዋጋ ቦርድ ላይ ለአንድ ግራም 24 ካራት 400፣ 22 ካራት 370፣ 21 ካራት 355፣ 18 ካራት 304 ይላል። ለእኔ ሦስተኛው ረከሰብኝ። ተሳስቼ ይሆን?

ሚኪ፦
አልተሳሳትሽም፣ ሦስተኛውን ያዢ። 24 ግራም በ304 ብትመቺው 7,296 ነው። ታክሱን ስትጨምሪ ልክ 7,660 ይመጣል። ሰውዬው እውነቱን ነው፣ የእጅ አላስከፈለሽም። 18 ካራት ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይታጠፍም። ታክሱንም ስትወጪ ኤርፖርት ላይ ይመልሱልሻል።

ፈትያ፦
ራሔልዬ፣ ገና ምንም አትክፈይ። ዴራ ወርቅ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሚኪ ሒሳብ ልክ ነው፣ ግን 24ቱም ግራም ወርቅ ከሆነ ብቻ። ፈርጥ አለው ብለሻል። ፈርጡ አብሮ ተመዝኖ ይሆን? ዕቃው ላይ በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ወረቀት አለች። እሷ ላይ ሁለት ክብደት ይጻፋል፤ ግሮስ የሚለው ከነፈርጡ ነው፣ ኔት የሚለው ወርቁ ብቻ። ሄደሽ ኔቱን አንብቢልን። ወረቀቷ ላይ ከሌለ ሻጩ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። አልጽፍም ካለ ተይው።

ታክሱን በተመለከተ፣ ሚኪ፣ የሚመለሰው ለጎብኚ ነው። እዚህ መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሠራተኛ አይመለስም። ራሔል በሥራ ቪዛ ከሆነች 5 በመቶው ቀርቷል ብላ ታስላ።

ጋሽ በላይ፦
ልጄ፣ እኔን የደረሰብኝን ልንገርሽ። የባለቤቴን ቀለበት ፒያሳ ወስጄ ልሸጥ ብል፣ ሰውዬው መጀመሪያ ድንጋዩን ነቅሎ አወጣው። ዘጠኝ ግራም ብዬ የገዛሁት ሰባት ሆኖ ቁጭ አለ። ስገዛ የድንጋዩን ክብደት በወርቅ ዋጋ ከፍያለሁ፣ ስሸጥ ግን ማንም ሳንቲም አልሰጠኝም። ለመሆኑ 14 ካራት የሆነ አሮጌ ሰንሰለት አለኝ፣ አቅልጦ ወደ 21 ማሠራት ይቻላል?

ፈትያ፦
ጋሽ በላይ፣ ማቅለጥ ብቻውን ካራቱን አያሳድገውም። ንጹህ ወርቅ ጨምረው ያቀልጡታል፣ የጨመሩትን ደግሞ ያስከፍሉዎታል። ዝርዝሩን ለብቻው ይጠይቁን፣ እዚህ የራሔል እንዳይጠፋብን።

ራሔል፦
የምኖረው በሥራ ቪዛ ነው። ትናንት ማታ ሄጄ አነበብኩት። ግሮስ 24፣ ኔት 21 ይላል። ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም ቤት እንደዚህ ነው የሚሸጠው» አለኝ።

ፈትያ፦
እንግዲህ ተገኘ። ሦስት ግራም ፈርጥ በ304 ሸጦልሻል፣ 912 ድርሃም ማለት ነው። የእጅ ዋጋው እዚያ ውስጥ ተደብቋል። በ21 ግራም ወርቅ ላይ ስታካፍይው በግራም 43 ድርሃም ገደማ ይሆናል። ከሦስቱም ትልቁ የእጅ ዋጋ የእሱ ነው።

የሌሎቹንም በዚሁ መንገድ አውጪው። መጀመሪያ ዋጋውን ለ1.05 አካፍዪና ታክሱን አውጪ። 8,400 ሲካፈል 8,000 ነው። 20 ግራም በ370 ሲመታ 7,400። የቀረው 600 የእጅ ነው፣ በግራም 30 ማለት። ሁለተኛው በዚሁ ስሌት በግራም 12 አካባቢ ይመጣል።

ካራታቸው ስለሚለያይ ግን በእጅ ዋጋ ብቻ አይወዳደሩም። ግራሙን በካራቱ አባዢና ለ24 አካፍዪ፣ ንጹህ ወርቁ ይወጣል። የመጀመሪያው 18.33 ግራም፣ ሁለተኛው 19.25፣ ሦስተኛው 15.75። ከዚያ የምትከፍይውን ሙሉ ዋጋ ለዚያ አካፍዪ። አንድ ግራም ንጹህ ወርቅ በመጀመሪያው ቤት 458፣ በሁለተኛው 440፣ በሦስተኛው 486 ያስወጣሻል። ፈርጡ እንደ ወርቅ ሲቆጠር ግን ሦስተኛው 426 ይመስላል። ርካሽ ያስመሰለውም ይሄው ነው።

አንድ ነገር ግን፣ 30 ድርሃም የእጅ ዋጋ ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያው አታለለኝ እንዳትይ። በእጅ የተጠለፈ ሥራ ከሆነ ያንን ያህል ይጠየቅበታል። በማሽን የወጣ ጌጥ የሌለው ሰንሰለት ላይ ከሆነ ግን ብዙ ነው። የቦርዱ ዋጋ አይነካም፣ የምትከራከሪው በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ሁለተኛው 12 ብሏል ብለሽ ንገሪው።

ሚኪ፦
ይቅርታ ራሔል፣ ፈርጡን ሳላስበው ነው የመለስኩት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለማስቀመጥ ከሆነ ባር የሚባለውን ጥፍጥፍ ወርቅ ብትገዛ አይሻልም? 99 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹህ የሆነ የኢንቨስትመንት ወርቅ ታክስ የለበትም።

ራሔል፦
ሙሽራ ባር አንገቷ ላይ አታደርግም ሚኪ። ስጦታ ነው።

ዛሬ ሦስተኛው ቤት ተመለስኩና የኔቱን ሒሳብ በስልኬ አሳየሁት። ብዙም ሳይከራከር 7,000 ከነታክሱ አለኝ። እህቴ ፎቶውን አይታ እሱን ነው የወደደችው። አሁን ግራ ገባኝ።

ፈትያ፦
ጎበዝ! 7,000 ለ15.75 ሲካፈል 444 ነው። ከሁለተኛው ጋር በጣም ተቀራረበ። የእጅ ዋጋው በግራም ወደ 13 ወርዷል፣ ለፈርጥ ሥራ መልካም ነው። ከተስማማሽ ደረሰኙ ላይ ኔት 21 ግራም፣ 18 ካራት ብሎ ይጻፍ። ከዕቃው ላይም 750 የሚለውን ማኅተም እይ። 21 ካራት ብትወስጂ ማኅተሙ 875 ነው፣ 22 ከሆነ 916።

ሰላም፦
እኔ ግን ከፈትያ ጋር በዚህ አልስማማም። ዋጋው ቢቀራረብም ፈርጥ ያለውን አልገዛም። የአክስቴን ስንሸጥ የፈርጡን ክብደት በግምት ቀነሱልን፣ ግምታቸው ደግሞ ለራሳቸው ያደላል። ሁለተኛው ፈርጥ ስለሌለው ሚዛን ላይ ሲወጣ ክርክር የለውም።

ፈትያ፦
ሰላም እውነትሽን ነው፣ ያ ይደርሳል። ለዚህ ነው ኔቱ ያለበትን ደረሰኝ እንዳትጥይ የምለው። ገዢው ግን ያንን ወረቀት የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ራሔል፦
ሁለቱንም ለእህቴ ጻፍኩላት፤ ፈርጥ ያለው ሲሸጥ ሊጎድልባት እንደሚችልም ጨምሬ። «ስሸጠው ብለሽ ነው እንዴ የምትገዢልኝ?» አለችኝ። አርብ እስክወስን ሁለተኛው ቤት የእጁን ከ12 ይቀንስ እንደሆነ ልጠይቅ እሄዳለሁ።