ለ2 ዓመት ሥራ ከልጅ ጋር ውጭ አገር፦ አውሮፕላን የሚልከው ኢንሹራንስ ወይስ ለክሊኒክ የሚከፍለው?

ጓዝ ጠቅላይ
ከባለቤቴና ከ4 ዓመት ልጃችን ጋር ለ2 ዓመት ሥራ ወደ ሌላ አገር ልንሄድ ነው። የምንኖርበት ከተማ ያለው አንድ ክሊኒክ ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል በመኪና 6 ሰዓት ይርቃል። ልጄ አስም አለበት፣ በየቀኑ የሚነፋ መድኃኒት ይወስዳል። ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ ቀርቦልኛል። የመጀመሪያው ተኝቶ መታከምን ይሸፍናል፣ ለኢቫኩዌሽን ማለትም ሕመምተኛን ወደሚታከምበት ቦታ በአውሮፕላን ለማድረስ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል፣ ተመላላሽ ሕክምና ግን የለውም። ሁለተኛው ተመላላሽም አለው፣ የኢቫኩዌሽን ጣሪያው 250 ሺህ ዶላር ነው፣ ክፍያው የመጀመሪያውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ባለቤቴ ሁለተኛውን ትላለች፤ እኔን የሳበኝ የመጀመሪያው ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ብዙ አገር የዞረ
ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ያዝ። እኔ 3 አገር ሠርቻለሁ። ለሳልና ለትኩሳት ክሊኒክ ገብቶ ከኪስ መክፈል ይቻላል፤ ቤት የሚያፈርሰው አልጋ ይዞ መተኛትና አውሮፕላኑ ነው። ኢንሹራንስ የሚገዛው ልትከፍለው ለማትችለው ነገር ነው። 1 ሚሊዮን ካለህ ደግሞ ልጁ ሲያመው ደውለህ ወደ ፈለግኸው ሆስፒታል ታስወስደዋለህ።

የሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። ለብዙ ዓመት የሠራሁት ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን፣ ከኢንሹራንስ ካርድ ጀርባ ያለው ስልክ ሲደወል በሚነሳበት ክፍል ነው። ከኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ትልቁን ወጪ መሸፈን ይቀድማል ማለታቸው ልክ ነው። ደውለህ ወደ ፈለግኸው ታስወስደዋለህ ያሉት ግን ልክ አይደለም፤ ሰው ትልቁን ሐዘን የሚያዝነው እዚያ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ኢቫኩዌሽን ይሁን አይሁን የሚወስነው የኢንሹራንሱ ሐኪም ነው። ስልኩ ሲደወል መጀመሪያ የምንጠይቀው የውል ቁጥሩንና የሚያክመውን ሐኪም ስልክ ነው። ከዚያ የኛ ሐኪም ከዚያኛው ሐኪም ጋር ይነጋገራል፤ የጽሑፍ ሪፖርት ይጠይቃል። ሁለት ነገር ያያል፦ ሕመምተኛው የሚያስፈልገው ሕክምና ባለበት ቦታ አለ ወይስ የለም? መብረርስ ይችላል? ሕክምናው ከሌለ የሚወሰደው አብዛኛው ውል ላይ እንደሚጻፈው ‘ተገቢው ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ቦታ’ ነው። ይህ ጎረቤት አገር ሊሆን ይችላል፤ እዚያው አገር ያለው የ6 ሰዓቱ ሆስፒታልም ሊሆን ይችላል። ወደ ትውልድ አገር መመለስ ብዙ ጊዜ ሌላ አንቀጽ ነው፤ በአንዳንዱ ውል ውስጥ ጭራሽ የለም።

ቀጥሎ አውሮፕላን ይፈለጋል፣ የማረፊያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው ያረጋግጣል፣ ድንበር የሚያልፍ ከሆነ ለልጁና ለአጃቢው የመግቢያ ፈቃድ ይታያል። ሁሉም ቀንቶት እንኳ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የአስም ጥቃት አንድ ቀን አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ልጁን በሕይወት የሚያቆየው ያ አንድ ክሊኒክ ነው፦ ኦክስጅኑ፣ መድኃኒቱን በጭጋግ መልክ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ስቴሮይዱ፣ ሌሊት በሩን የሚከፍት ሰው። ስለዚህ ጥያቄዎን ከአውሮፕላኑ ሳይሆን ከክሊኒኩ ይጀምሩ።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ 1 ሚሊዮንና 250 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት እንደሚመስለው አይደለም። በአንድ ክፍለ አህጉር ውስጥ ለሚደረግ በረራ 250 ሺህ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ውቅያኖስ የሚሻገር ከሆነ ነው ማሰብ ያለብዎ።

አሁን አንድ ነገር ውሉ ላይ ፈልገው ይንገሩኝ፦ ነባር ሕመም የሚለውን አንቀጽ። ኢቫኩዌሽን ለብቻው የቆመ መብት አይደለም። ሕመሙ ራሱ ካልተሸፈነ፣ ለዚያ ሕመም አውሮፕላኑም አይነሳም።

ተማሪዋ
እኔም በዚህ ተጨንቄ ነበር፣ ላካፍላችሁ። ወደ አሜሪካ የሄድኩት J-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ስለነበር ሕጉ ዝቅተኛውን ራሱ አስቀምጦልኛል፦ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ 100 ሺህ ዶላር፣ ለኢቫኩዌሽን 50 ሺህ፣ አስከሬን ለመመለስ 25 ሺህ፣ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው ደግሞ ከ500 እንዳይበልጥ። ወንድሜ፣ የአንተም ቪዛ የሚጠይቀውን እይና ከዚያ በላይ አትጨነቅ።

የሌሊት ተረኛ
እህቴ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን የቪዛ መስፈርት ማስገቢያ እንጂ መታከሚያ አይደለም። ለአጭር ጊዜ የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀውም 30 ሺህ ዩሮ ድንገተኛ ሕመምን አስቦ የተቀመጠ ነው፤ በየወሩ ሐኪም የሚያየውን አስም ያለበትን ልጅ አላሰበም። አንቺ ደግሞ የሄድሽው ሆስፒታል ደጅ ላይ ወዳለበት ቦታ ነው። እሳቸው የሚሄዱበት እንደዚያ አይደለም።

የመንታ እናት
ስለ ክሊኒኩ የደረሰብኝን ልንገርህ ወንድሜ። የኛ ኢንሹራንስ መረጃ ላይ የሰፈራችን ክሊኒክ ስም ነበር፤ በካርድ ብቻ እንታከማለን ብለን ገባን። ሌሊት አንዷ ልጄ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ይዣት ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባዩ ካርዱን አገላብጦ አየና ከዚህ ድርጅት ጋር መሥራት ካቆምን ቆየን አለኝ። ካሽ ክፈይ ተባልኩ። ከጎረቤት ተበድሬ ከፈልኩ፤ ገንዘቡ የተመለሰልኝ ከ7 ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም ደረሰኙ ላይ የምርመራው ዓይነት በዝርዝር ስላልተጻፈ ሁለቴ ተመልሼ ካስጻፍኩ በኋላ።

ስለዚህ ሳትፈርም ክሊኒኩ ጋ ራስህ ደውል። ሐኪሙን ሳይሆን ሒሳብ ክፍሉን። ‘ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ ወይ’ ብቻ አትበል፤ አዎ ብለው ይዘጉብሃል። ‘ባለፈው ወር የዚህ ካርድ ሕመምተኛ ሳይከፍል ወጥቷል ወይ? ሌሊትና በበዓልስ?’ በል። እኔ አሁን የምኖርበት ቦታ እንዲህ ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ሌሊት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ካሽ እንደሚያስከፍሉ በግልጽ ነገረችኝ። አውቄው ስለገባሁ መጠባበቂያ አስቀምጫለሁ።

ጓዝ ጠቅላይ
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በተለይ ለነርሷ። ሁለቱንም ውል አወጣሁ። የመጀመሪያው የጤና መጠይቅ የለውም፤ ያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እንዲህ ይላል፦ ባለፉት 5 ዓመታት ምልክት የታየበት ሕመም የሚሸፈነው ውሉ ከጀመረ በኋላ ለ24 ተከታታይ ወራት ያለ ምልክት፣ ያለ ሕክምናና ያለ መድኃኒት ካለፈ ነው። ሁለተኛው መጠይቅ አስሞልቶ አስሙን በጭማሪ ክፍያ ተቀብሎታል፤ ደብዳቤው በእጄ ነው። የሥራ ውሌ 24 ወር ነው። በትክክል ከገባኝ የልጄ አስም በመጀመሪያው አንድም ቀን አይሸፈንም ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ
በትክክል ገብቶዎታል። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ 24 ወሩን መቁጠር እንኳ አይጀምርም፤ እያንዳንዱ የመድኃኒት ቀን ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ስለዚህ ያ 1 ሚሊዮን ለእርስዎና ለባለቤትዎ እግር ስብራት ይሠራል፤ ለሚፈሩት የልጁ አስም ግን ዜሮ ነው። መጠይቅ አለመኖሩን ብዙ ሰው እንደ ቸርነት ያየዋል፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ኢንሹራንሱ እንዲከፍል ማመልከቻ በሚቀርብበት ቀን ይጠየቃል፣ የልጁም የቆየ የሕክምና ካርድ ያኔ ይፈለጋል።

ሁለተኛውን የሚወስዱ ከሆነ የተቀበሉበት ደብዳቤ ላይ አስሙ በስሙ መጠቀሱንና ተባባሪ የሳንባ ኢንፌክሽን አለመገለሉን ይዩ። አስምን ተቀብለው ‘የመተንፈሻ አካል ሕመም’ በሚል ሌላ መስመር የሚያወጡ አጋጥመውኛል።

ብዙ አገር የዞረ
የ24 ወሩን ነገር አላሰብኩትም፣ ምክሬን መልሻለሁ። እኔ ጤነኛ ሆኜ ስለዞርኩ አልታየኝም። ነገር ግን ሁለተኛው መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው ስንት ነው? ተመላላሽ አለው ብለህ በየጉብኝቱ የምታወጣ ከሆነ ትርፉ የታለ?

ጓዝ ጠቅላይ
ምርጫ ሰጥተውኛል። ወይ በእያንዳንዱ ጉብኝት 50 ዶላር፣ ወይ በዓመት 500 በአንድ ሰው፤ ወርሃዊ ክፍያው እኩል ነው። ክሊኒኩ ለአንድ ጉብኝት ከነመድኃኒቱ 70 ያህል ያስከፍላል ብለውኛል። ልጁ በወር አንዴ ይታያል።

የመንታ እናት
በጉብኝት 50 ከሆነ በዓመት 12 ጊዜ 600 ታወጣለህ፤ ኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚሰጥህ 20 ብቻ ነው። በዓመት 500 ከሆነ እስከ ሰባተኛው ጉብኝት ራስህ ከፍለህ ስምንተኛው ላይ ይጀምርልሃል። ለልጁ በዓመት 500 የሚለው በ100 ይሻላል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከተኛ ደግሞ 500ው በአንድ ቀን ስለሚያልቅ የዓመቱ ቀሪ ጉብኝት በሙሉ ነጻ ይሆናል። ለአንተና ለባለቤትህ ግን በዓመት ሁለቴ ብቻ ከታያችሁ በጉብኝት የሚለው ይሻላል። ለየሰው መለየት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ።

የሌሊት ተረኛ
ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያ 500 ኢቫኩዌሽንን ይመለከት እንደሆነ ይጠይቁ። አብዛኛው ውል ኢቫኩዌሽን ላይ ከኪስ አያስከፍልም፤ ቅድመ ፈቃድ ግን ግዴታ ነው። ደንግጠው በራስዎ አውሮፕላን ቢከራዩ ሙሉውን ሊከለክሉ ይችላሉ። ከልጁ ጋር አንድ ወላጅ እንዲሳፈር፣ እዚያም ማደሪያው እንዲከፈል፣ ሲድን መመለሻ ትኬት እንዲቆረጥ መጻፉን ይዩ። የ6 ሰዓቱ መንገድ ደግሞ በመኪና አምቡላንስ ከሆነ የሚከፈለው በሌላ አነስተኛ ጣሪያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ አገር የዞረ
እኔ ብሆን ግን የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ቤተሰቤን ትልቁ ሆስፒታል ያለበት ከተማ አስቀምጬ እኔ ብቻ እመላለስ ነበር። አዲስ አየር፣ አዲስ አቧራ፣ አስም ላለበት ልጅ ከባድ ነው።

የመንታ እናት
እኔ በዚህ አልስማማም። አባት በሌለበት፣ ቋንቋ በማታውቅበት ከተማ ሌሊት ልጅ የታመመባት እናት መሆንን አውቀዋለሁ።

ጓዝ ጠቅላይ
በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው። ክሊኒኩ ጋ ግን ደወልኩ። ኦክስጅንና የጭጋግ መሣሪያው አላቸው፤ ጄኔሬተርም አለ። ሁለተኛውን ካርድ ይቀበላሉ፣ ሌሊት ግን ያስከፍላሉ። ወደ ኢንሹራንሱ 4 ጥያቄ ጽፌያለሁ፦ የሳንባ ኢንፌክሽኑ፣ አጃቢ ወላጁ፣ የመኪና አምቡላንሱ፣ ለየሰው የተለየ የኪስ ክፍያ። መልሱን በጽሑፍ ነው የጠየቅኩት። ሌላ የረሳሁት አለ?

የሌሊት ተረኛ
አንድ አለ፤ እሱን የሚያውቀው ኢንሹራንሱ ሳይሆን አሠሪዎ ነው። ቅርብ ያለው ማኮብኮቢያ ሌሊት መብራት አለው ወይ? ከሌለው ማታ 1 ሰዓት ላይ ፈቃድ ቢያገኙም አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሲነጋ ነው። ያን ሌሊት ክሊኒኩ ያለው ኦክስጅን ያደርሳል ወይ? የሲሊንደሩን ብዛትና መጠን ጠይቀው ይጻፉልኝ፣ ሰዓቱን አብረን እናሰላዋለን።

ጓዝ ጠቅላይ
ሰኞ ሲከፍቱ እደውላለሁ።