የቤት ቢሮ ኮምፒውተር የጋራ ግዥ፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ግራፊክሱ አብሮት ያለ ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር። ራም 16 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 8። ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ብቻ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የለም። ፓወር ሰፕላይ 750 ዋት። ለብቻው የሚገዛ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ማቀዝቀዣ። ዓላማው አንድ ነው፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ደንበኛ የኛን ፋን እንዳይሰማ። ሐሙስ ይዘጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ ነው የሚመጣው። ሌላ ማቀዝቀዣ ለምን? በአባል ቁጥር አባዙት እስቲ።

የጥገና ተጠሪ፦ ባለፈው ግዥ ያማረረን እኮ ያ አብሮ የመጣው ትንሹ ፋን ነው። ትልቅ የኤክሴል ፋይል ሲያሰላ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ45 ወደ 70 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ፋኑ ተከትሎት ይጮኻል፣ ስሌቱ ሲያልቅ ይወርዳል። የስብሰባው ፕሮግራም አንድ ወጥ ድምፅ ቢሆን ያጠፋዋል፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ያመልጠዋል። ትልቅ ፋን በዝግታ እየዞረ ያንኑ አየር ይገፋል።

ወጣት አባል፦ የውሃ ማቀዝቀዣ እናድርገው። ከሁሉም ፀጥ ያለ እሱ ነው።

የጥገና ተጠሪ፦ ብዙ ሙቀት ለሚያወጣ ፕሮሰሰር ልክ ነህ። ግን እሱም ራዲያተሩ ላይ ፋን አለው። ፓምፑ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ቢፈታም ይዞራል። ለ65 ዋት አያስፈልግም።

ወጣት አባል፦ እሺ፣ ሁለቱን ፋኖች እየቀያየርኩ ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ማክሰኞ እልካለሁ።

አንጋፋ አባል፦ ኬዙን አየሁት። የዲቪዲ ቦታ የለውም። የደንበኞቼ የድሮ መዝገብ ዲስክ ላይ ነው ያለው። በዚህ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አለ።

አንጋፋ አባል፦ እሱን ከኪሴ ልግዛ? መዋጮዬ ከማንም አያንስም።

ገንዘብ ያዥ፦ ዲስክ የሚጠቀሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሌላ አባል፦ እኔም አለኝ! የሶስት ደንበኛ። ስለኛ አትወስኑ።

የጥገና ተጠሪ፦ ዲስክ ሲሽከረከር እኮ ከፋኖቹ ሁሉ በላይ ይጮኻል። ያንን ከጠረጴዛችን ለማራቅ አይደል የተሰበሰብነው?

አንጋፋ አባል፦ አንተ ገና ሳትገባ ይህን ማኅበር ያቋቋምነው እኛ ነን። በስብሰባ ሰዓት ዲስክ የሚከፍት ማን አለ?

አዲስ አባል፦ ስብሰባ ላይ ድምፄ ይቆራረጣል። የትኛው ፋን ይሻለኛል?

የጥገና ተጠሪ፦ መቆራረጥ የፋን ጉዳይ አይመስልም። ዋይፋዩን አጥፊና በኬብል ሞክሪ። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። ኬዙ ይቀየር ከተባለ ፊቱ ድፍን ያልሆነውን እንፈልግ። አየር በደንብ ካልገባ ፋኑ መፍጠኑ አይቀርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ኬዝ መቀየር አይቻልም። ሁለት ማንበቢያ በጋራ ይገዛ፣ አባላት ይዋዋሱት። ገንዘቡ ከማቀዝቀዣው ይቀነስ።

አንጋፋ አባል፦ እንደዚያ ከሆነ እፈርማለሁ።

የጥገና ተጠሪ፦ ከማቀዝቀዣው ለምን? ከፓወር ሰፕላዩ ቀንሱ፤ 750 ዋት ምን ያደርጋል? ይህ ኮምፒውተር በስብሰባ ሰዓት 100 ዋትም አይሞላም። 450 ይበቃል። ጭነቱ ሲያንስ ፋኑን የሚያቆመውን ዓይነት ምረጡ።

ጸሐፊ፦ ረቡዕ ሆነ። የፋኖቹ የድምፅ ቅጂ የታለ?

ጸሐፊ፦ ወጣቱ ስልክ አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማስረጃ ከሌለ ማቀዝቀዣው ይውጣ።

የጥገና ተጠሪ፦ ካወጣችሁት ቢያንስ ባዮሱን አስተካክሉ። ፋኑን እስከ 65 ዲግሪ በአንድ ዝቅተኛ ፍጥነት እሰሩት፣ ከዚያ በላይ ይጨምር። Step Up የሚል ካለ ጥቂት ሰከንድ ስጡት፤ አጭሯን ዝላይ ፋኑ ሳይከተላት ታልፋለች። ስሌቱ ረጅም ከሆነ ግን ትንሹ ፋን መጮኹ አይቀርም። ይህን አሁኑኑ እወቁት። ገጽ ስታንሸራትቱ የሚቀያየር ቀጭን ሲሲታ ከሰማችሁ ደግሞ ፋን አይደለም። ከማዘርቦርዱ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ነው፤ የፋኑ ማስተካከያ አያድነውም፣ ዋስትናው የሚፈቅድ ከሆነ ዕቃውን መልሱት።

ሌላ አባል፦ ማንበቢያ ከተገዛ አይቀር የሁላችንም የድሮ መዝገብ ወደ ኤስኤስዲ ይገልበጥ። ባለ 500 አይበቃም፣ ባለ 1 ቴራ ይሁን።

አንጋፋ አባል፦ እደግፋለሁ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ ፓወር ሰፕላይ 450 ዋት፣ ኤስኤስዲ 1 ቴራባይት፣ ሁለት የጋራ ማንበቢያ። ማቀዝቀዣው ቅጂው እስኪመጣ ይቆያል። ማንበቢያዎቹን ማን ይረከባል?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ዕቃ አልረከብም።

የጥገና ተጠሪ፦ ማቀዝቀዣው "ይቆያል" ማለት ሐሙስ ያለሱ ይታዘዛል ማለት ነው ወይስ ሐሙስ ራሱ ይገፋል? መልሱልኝ።