የእንጦጦ ነፋስ ቃለ ምልልሱን እየበላብኝ ነው

ሰላም፣ ድምፅ ኤዲት የምታደርጉ እርዱኝ። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት አነጋግሬ ነበር። የቀረጽኩት ልብስ ላይ በሚሰካ ማይክ ነው። ነፋሱ በየመሀሉ ጉም ጉም እያለ ንግግራቸውን ይሸፍነዋል።

ኦዳሲቲ ላይ High-Pass Filter ሞከርኩ። 80 ኸርዝ ላይ ብዙም ለውጥ የለም። 120 አድርጌ Roll-off የሚለውን ወደ 24 ዴሲቤል ሳወጣው ግን ቀለል ያለው ነፋስ ጥሩ አድርጎ ጠፋ። የሴት ድምፅ መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ኸርዝ በላይ ስለሆነ የእሳቸው ብዙም አልተነካም። 200 ላይ ስሞክረው ድምፃቸው ሳሳ፣ በስልክ የሚያወሩ መሰሉ። ስለዚህ 120 ላይ ተውኩት።

የጨነቀኝ ኃይለኛው ነፋስ ነው። ያልተነካውን ፋይል አጉልቼ ሳየው የሞገዱ ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። ቀረጻው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ድምፁ ተሰባብሯል። ስብራቱ ንግግሩ ያለበት ድረስ ስለሚወጣ፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቆርጠውም መንኮሻኮሹ አይለቅም። ስለ ሟች ልጃቸው የተናገሩት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ይኼ በጣም አሳዝኖኛል።

Clip Fix ከማጣሪያው በፊት ብጠቀም ቃሉ እስኪሰማ ድረስ ይመለሳል? ወይስ የጠፋው ጠፍቷል? ከሆነ የተናገሩትን ከሥር በጽሑፍ ላሳይ? ያንን ሐዘን ድጋሚ እንዲናገሩ መጠየቅ ከበደኝ።