ለማታ ዲግሪ መርሐ ግብር መሪ ቃል እርዳታ እፈልጋለሁ

በደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ቀን በሥራ ላይ ለሚውሉ አዋቂዎች ለሚሰጠው የማታ ዲግሪ ትምህርት መሪ ቃል እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ጽሑፉ መናኸሪያው አጠገብ በሚሰቀል ባነር ላይ ስለሚወጣ፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው በአንድ እይታ እንዲያነበው ከአምስት ቃል ባይበልጥ ይመረጣል።

እስካሁን የተሻለ የመሰለኝ «ሥራዎን ሳይለቁ ዲግሪዎን ይያዙ» የሚለው ነው፤ የመምህሩንና የባንክ ሠራተኛውን ዋና ስጋት በቀጥታ ይመልሳል። ነገር ግን «ማታ» የሚል ቃል ስለሌለው አንባቢው የርቀት ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት መስሎት ሊያልፈው ይችላል፤ ቃሉን መሐል ላይ ባስገባው ደግሞ ዜማው ይሰበራል። «ቀን ሥራ፣ ማታ ዲግሪ» ብዬ ሳሳጥረው ጊዜው ግልጽ ቢሆንም፣ ዲግሪው በአንድ ሌሊት የሚታደል ያስመስለዋል (ዲኑም ይህንኑ አንስተው ስቀዋል)።

የትምህርቱን ሰዓት ሳይደብቅ ለአዋቂ ሰው የሚገባውን አክብሮት የሚጠብቅ አማራጭ ያላችሁ ብትጠቁሙኝ፣ ወይም ከሁለቱ የትኛው ቢስተካከል እንደሚሻል ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።