ጥቆማ፦ የሲንገርን ጽሑፍ በፕሪሚስና በመደምደሚያ አሳጥሬ ላቀርብ ነው፤ ሰመሪ ልግዛ ወይስ አስጠኚ ልቅጠር?

ሰብለ
ሰላም ለሁላችሁ። የኤቲክስ ኮርስ ላይ የፈላስፋው የፒተር ሲንገር ጽሑፍ ደርሶኛል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው፣ ስለ ረሃብና ስለ ሀብት የሚያወራው። መምህሩ የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው። ክርክሩ በቁጥር በቁጥር ፕሪሚስ፣ ማለትም መደምደሚያው የሚቆምበት መነሻ ሐሳብ፣ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከታች መደምደሚያው፣ ከዚያ ክላስ ውስጥ ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች። ጽሑፉ ረጅም አይደለም፣ ግን ሳነበው ሁሉም ዓረፍተ ነገር ፕሪሚስ ይመስለኛል። 6 ኪሎ አካባቢ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ሰመሪ አለ፣ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አለ፣ በሰዓት የሚከፈለው አስጠኚም አግኝቻለሁ። የቱ ይሻላል? የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ብሬን ውኃ እንዳይበላው።

ኪሩ
ኮፒ ቤቱ ይበቃሻል ባክሽ። እኔ ባለፈው ዓመት ያንኑ ገዝቼ ነው ያቀረብኩት። አንድ ገጽ ነው፣ አጭርና ግልጽ። ፕሪሚስ 1፦ ሕፃን ኩሬ ውስጥ እየሰጠመ ነው። ፕሪሚስ 2፦ ገብቼ ላወጣው እችላለሁ፣ ልብሴ ቢጨቀይ ነው። መደምደሚያ፦ ድሆችን መርዳት አለብን። ተቃውሞ፦ ሰው በተፈጥሮው ራስ ወዳድ ስለሆነ ይሄ አይሠራም። አለቀ።

ናቲ ፍሬሽማን
ሎጂክ ኮርስ ነው አይደል? ሞጁሉ ላይ ምዕራፉን እዪው። ቬን ዲያግራሙን ካወቅሽ ሌላው ቀላል ነው፣ ፈተና ላይ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሰብለ
ናቲ አመሰግናለሁ፣ ግን ፈተና አይደለም፣ ፕረዘንቴሽን ነው። ቬን ዲያግራም ሲንገርን አያወጣልኝም 😅

የድሮ መምህር
ሰብለ፣ ይህን ጽሑፍ ለተወሰኑ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት ኪሩ የጻፈውን ልጠቀም፣ ኪሩ አትቀየመኝ። የኮፒ ቤቱ ወረቀት መልሱን በከፊል ይዟል፣ ግን የኩሬውን ሕፃን ፕሪሚስ 1 ማድረጉ ትልቁ ስህተት ነው። ከ«አንድ ሕፃን እየሰጠመ ነው» ተነስተሽ «ለረሃብተኛ ገንዘብ ስጪ» ላይ በምን ትደርሻለሽ? ድልድዩ የለም። ሕፃኑ ምሳሌ ነው። ሥራው ሌላ ፕሪሚስን እንድንቀበል ማድረግ ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነው የሚቆመው፦

1. በምግብ፣ በመጠለያና በሕክምና እጦት መሠቃየትና መሞት መጥፎ ነው።
2. መጥፎ ነገር እንዳይደርስ ማድረግ ከቻልን፣ ይህንንም ስናደርግ በሥነ ምግባር ሚዛን ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ ነገር የማንሠዋ ከሆነ፣ ማድረግ ግዴታችን ነው።
3. ለእርዳታ ገንዘብ በመስጠት እንዲህ ያለውን መጥፎ ነገር መከላከል እንችላለን፣ የምንሠዋውም ተመጣጣኝ አይደለም።
መደምደሚያ፦ ስለዚህ መስጠት ግዴታችን ነው። ባንሰጥ ጥፋት ነው እንጂ «ቢሰጥ ጥሩ ነበር» የሚባል ነገር አይደለም።

ሦስተኛውን ሲንገር እንዲህ ለይቶ አልቆጠረውም፣ ከጽሑፉ የምናወጣው እኛ ነን። ብዙ ሰመሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ 1 እና 2ን ጽፎ ዘልሎ መደምደሚያ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ማንኛውንም ሰመሪ ከመግዛትሽ በፊት ቆመሽ ሁለት ቦታ አንብቢ። ሕፃኑ በቁጥር ተቀምጦ ከሆነ መልሺው። ከዚያ ሁለተኛው ፕሪሚስ ላይ «ተመጣጣኝ ነገር ሳንሠዋ» የሚለው መኖሩን እዪ። ሲንገር ቀለል ያለ ሌላ መልክም ይሰጠዋል፣ «በሥነ ምግባር ዋጋ ያለው ምንም ነገር ሳንሠዋ» የሚል። በጠንካራው መልክ ከሄድሽ፣ ከዚያ በላይ ብትሰጪ ራስሽንና ቤተሰብሽን ከተረጂው እኩል የምትጎጂበት ደረጃ እስክትደርሺ ድረስ ስጪ ይልሻል። በቀላሉ ግን አዲስ ልብስ ለፋሽን መግዛቱን ትተሽ ብሩን ስጪ ነው ነገሩ። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰመሪ በነጻም ቢሆን አይጠቅምሽም።

ኪሩ
እሺ መምህር፣ ሕፃኑን ልተወው። ተቃውሞውስ? ሰው ራስ ወዳድ ነው፣ ይሄ ሐቅ ነው። ክላሱም ተስማምቶ አጨበጨበልኝ።

የድሮ መምህር
ሐቅ ሊሆን ይችላል፣ ግን የትኛውን ቁጥር ነው የሚመታው? 1ን አይመታም፣ 2ንም፣ 3ንም። ሲንገር «ሰዎች ይሰጣሉ» አላለም፣ «መስጠት አለባቸው» ነው ያለው። ሰው አለማድረጉ ግዴታውን አያጠፋውም፣ ራሱም ይህን በግልጽ ጽፎታል። ያንተን ወደ ጥሩ ተቃውሞ መቀየር ግን ይቻላል። «ለሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ግዴታ ሊሆን አይችልም» ብትል ፕሪሚስ 2ን ትመታለህ። ያኔ ክርክር ይጀመራል።

ሰብለ፣ ከእያንዳንዱ ተቃውሞ ጎን የሚመታውን ፕሪሚስ ቁጥር ጻፊ። ቁጥር ካጣሽለት አውጪው። ፕሪሚስ 1 ላይ ደግሞ ጊዜ አታባክኚ፣ ሲንገር ራሱ በዚህ የማይስማማ ከዚህ በላይ ማንበብ አያስፈልገውም ብሎ አልፎታል።

ቲጂ ከዲሲ
እኔ ፍልስፍና አልተማርኩም፣ ግን እርዳታ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ መጋዘን በኩል። እህል ተጭኖ መንገድ ተዘግቶ ሳምንታት ሲቆም አይቻለሁ። ኩሬው ውስጥ ያለውን ልጅ በእጅሽ ትይዢዋለሽ፣ ወጣ አልወጣ ታያለሽ። ብር ስትልኪ ግን ማን ጋ እንደደረሰ አታውቂም። በየወሩ ለዘመድ የምልከው እንኳ ለምን እንደዋለ ሁሌ አላውቅም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሲንገር ይሄን አላሰበም?

የድሮ መምህር
ቲጂ፣ ፍልስፍና አልተማርኩም ብለሽ ፕሪሚስ 3ን መታሽው። «መከላከል እንችላለን» የሚለው የዓለም ጉዳይ ነው፣ በማስረጃ የሚፈተን። የጻፈው ከምሥራቅ ቤንጋል 9 ሚሊዮን ስደተኞች በተፈናቀሉበት ጊዜ፣ በኅዳር 1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ እርዳታው የሚደርስበት መንገድ አለ ብሎ ነበር የተነሳው። ተቃውሞሽ ጥሩ ነው፣ ግን ልኩን እወቂለት፣ «የትኛውም እርዳታ አይደርስም» ካላልሽ በስተቀር የሚወስድሽ የሚያደርስ መንገድ ፈልጊ ወደሚል ነው። መስጠቱን አያስቀርም።

ከድር
እኔ ደግሞ መደምደሚያው ላይ ጥያቄ አለኝ። ሲንገር «ግዴታ» እና «በጎ አድራጎት» የሚባለው መለያ መስመር አሁን ባለበት ሊቆም አይችልም ይላል፣ ትልቅ ለውጥ አድርጎም ያቀርበዋል። ግን ለማን ነው ለውጥ የሆነው? ለሙስሊም ዘካ ግዴታ ነው፣ ስሜት ሲመጣ የሚሰጥ አይደለም። እድር ውስጥም ለቅሶ ያልመጣ ይቀጣል። ክላሳችን ውስጥ ግማሹ «ይሄማ እናውቀዋለን» ሊል ይችላል።

የድሮ መምህር
ይሄን እወደዋለሁ። ሲንገር ራሱ ሐሳቡ ያን ያህል እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ቶማስ አኩዊናስን ይጠቅሳል፣ ከሚያስፈልግህ የተረፈው የድሀው ነው የሚለውን። ግን ከድር፣ ዘካ ልክ አለው፣ እድርም አባላት አሉት። ሲንገር ልክ አያስቀምጥም፣ አባልነትንም አይቀበልም። 10 ሜትር ርቀት ያለ የጎረቤት ልጅም ሆነ ስሙን የማታውቀው ቤንጋላዊ ለሱ አንድ ነው። ስለዚህ ያንተ ነጥብ መደምደሚያውን አይጥለውም፣ ግን ወደ ጠንካራ ጥያቄ ይወስደናል። እድርተኛዬ ላይ ያለብኝ ግዴታ ይበልጣል የምል ከሆነ ፕሪሚስ 2 ውስጥ የተደበቀውን «ርቀት ለውጥ አያመጣም» የሚል ሐሳብ እቃወማለሁ።

ከድር
ልክ ያለው መሆኑ ደካማ ያደርገዋል ብዬ አላምንም መምህር። ልክ ያለው ግዴታ ነው የሚፈጸመው።

የድሮ መምህር
እዚህ ላይ ላንስማማ እንችላለን። ክላስ ውስጥ አንሱት፣ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ሰብለ
ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ተቃውሞዎቼ፦ ሀ) ዛሬ ብንረዳ ሕዝቡ ይበዛና ነገ የባሰ ረሃብ ይመጣል። ለ) የመንግሥት ሥራ ነው። ሐ) ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ቢሰጥ ይበቃል፣ እኔ ድርሻዬን ብቻ። መ) ኩሬው አንድ ጊዜ ነው፣ ረሃቡ ግን በየቀኑ ነው። እንዴት ነው?

የድሮ መምህር
ሀ እና ለን ሲንገር ጽሑፉ ውስጥ መልሷቸዋል። ሀን በተመለከተ፣ እንደዚያ ከሆነ የሕዝብ ቁጥርን የሚቆጣጠር ሥራ ደግፍ፣ ዝም ማለት አይከተልም ይላል። ብቻቸውን ካቀረብሻቸው መምህርሽ «ገጹን አላነበብሽም» ይልሻል። «ሲንገር እንዲህ ይመልሳል፣ መልሱ ግን እዚህ ላይ ይጎድላል» ብለሽ ካቀረብሽ ግን ጥሩ ነው።

ሐ ወጥመድ አላት። የሲንገር ምሳሌ 5 ፓውንድ ነው። በኔ ሁኔታ ያለ ሁሉ 5 ፓውንድ ቢሰጥ ይበቃል፣ ስለዚህ ከ5 በላይ ግዴታ የለብኝም። ቀዳዳው «ቢሰጥ» የሚለው ላይ ነው። ሁሉም እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ አልተሟላም፣ መደምደሚያውም አብሮ ይወድቃል። ፍትሐዊነትን ይዘሽ ብትመጪ ይሻላል፣ የሌሎችን ጉድለት እኔ መሙላት አለብኝ ወይ የሚል።

መ ምርጧ ናት፣ እሷን አስቀድሚ። ኩሬው ቀላሉን መልክ ይደግፋል፣ ልብስ ብቻ ነው የተሠዋው። ከዚያ ወደ ጠንካራው መልክ የሚያደርሰን ምንድን ነው? በየማለዳው በመንገድሽ ላይ አምስት ኩሬ ቢኖር፣ ሥራሽንና ልጆችሽን ትተሽ ሕይወትሽን በሙሉ ኩሬ ዳር ታሳልፊያለሽ? ብዙዎች እዚህ ላይ ያመነታሉ። የሲንገር ወገን ደግሞ ማመንታትሽ ስህተትሽ ነው ሊልሽ ይችላል።

ቲጂ ከዲሲ
እንዴ፣ አስጠኚውስ? ይቀጠር ወይስ ይቅር?

የድሮ መምህር
ረሳሁት። የቴሌግራሙ ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ የኮፒ ቤቱ ፎቶ ነው፣ ለሱ ገንዘብ አትክፈሉ። አስጠኚ ከቀጠርሽ ጽፈሽ ያመጣሽውን ፊትሽ እያረመ «ይሄ የትኛውን ቁጥር ይመታል?» የሚልሽን ፈልጊ። ቁጭ ብሎ ሊተርክልሽ የሚመጣ ከሆነ ገንዘብሽ ይብቃሽ። በነጻ ከሚገኙት የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ፣ plato.stanford.edu፣ ተቃውሞዎችን ለማስፋት ጥሩ ነው፣ ግን ጽሑፉን ሳታነቢ ከገባሽ ትጠፊያለሽ። 1000wordphilosophy.com አጭር ነው፣ ለመግቢያ ይበቃል። የፍልስፍና መምህሩ ጂም ፕራየር ፍልስፍና እንዴት ይነበባል ብሎ የጻፈውም ድረ ገጹ ላይ በነጻ አለ።

ኪሩ
እኔ ግን በአንድ ወረቀት አልፌያለሁ 😂

ሰብለ
ኪሩ፣ ያንተ መምህር ሌላ ነበር። እኔ ጽሑፉን በሰፊ ኅዳግ ፕሪንት አስወጥቼ ቁጥሮቹን ጎን ጎን እጽፋለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ፕሪሚስ 3ን ለሁለት ልክፈለው? «መከላከል እንችላለን» ለብቻ፣ «የምንሠዋው ተመጣጣኝ አይደለም» ለብቻ?

የድሮ መምህር
ክፈዪው። የቲጂ ተቃውሞ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚመታው።